መቅዘፊያው ነው የገደለው ወይስ ሐይቁ?

ዘጌ ዳርቻ ላይ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸው ተጠላልፎ ተጣሉ እንበል። አንደኛው በመቅዘፊያ የሌላውን ጭንቅላት መታው። የተመታው ወደቀ፤ ራሱን ሳተ፤ ግን ይተነፍሳል። ዘመዶቹ ጀልባ ላይ አጋድመው ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይዘውት ሲሄዱ ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ ጀልባዋን ገለበጣት። ሰውየው ሞተ።

በማግስቱ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ "ያ ባይመታው ኖሮ ምን አግኝቶት ነው ጀልባ ላይ የሚተኛው? ገዳዩ እሱ ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "እሱስ መታው እንጂ መች ገደለው፤ የገደለው ጣና ነው" ብሎ ይመልሳል። ታሪኩ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው። ክርክሩን ግን የሰው ሕይወት በጠፋበት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ በአንድም በሌላም መልኩ ሰምቶታል። አንዳንዴ በሐይቁ ፈንታ ሐኪሙ ይገባል፤ አንዳንዴ ሟቹ ራሱ፤ አንዳንዴ ደግሞ ከጸቡ በፊት የነበረ በሽታ።

ሕጉ ምን ይላል?

አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ጉዳዩን የሚገዛው አንቀጽ 24 ሲሆን ስለ ምክንያትና ውጤት ግንኙነት ይናገራል። በቀላል አማርኛ ሲነገር ሦስት ነገር ይላል።

አንደኛ፣ አንድ ሰው በሌላው ሞት የሚጠየቀው ሞቱ የእሱ ድርጊት ውጤት ሲሆን ነው። ድርጊቱ በተለመደው የነገሮች አካሄድ እንዲህ ያለውን ውጤት የሚያመጣ ከሆነ ግንኙነቱ እንዳለ ይገመታል። ጭንቅላትን በወፍራም እንጨት መምታት ሰውን ይገድላል፤ ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ከድርጊቱ በፊት የነበረ፣ አብሮት የተከሰተ ወይም ከኋላው የመጣ ሌላ ምክንያት ካለና ያ ምክንያት *ብቻውን* ሞቱን ለማድረስ የሚበቃ ከሆነ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሌላው ምክንያት የሰው ሥራም ይሁን የተፈጥሮ ወይም የድንገተኛ አጋጣሚ ለውጥ የለውም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ድርጊት በራሱ ወንጀል ከሆነ አድራጊው በዚያ ወንጀል ይቀጣል።

ሦስተኛ፣ ብዙ ምክንያቶች ተደምረው ሰውን ከገደሉና አንዳቸውም ለብቻቸው የማይገድሉ ከነበሩ፣ እያንዳንዱ ምክንያት ከሞቱ ጋር ግንኙነት እንዳለው ይገመታል።

ሙሉ ክርክሩ የሚሽከረከረው "ብቻውን" በሚለው ቃል ዙሪያ ነው። ብዙ ሰው የሚስተውም እሱን ነው።

"ባይመታው ኖሮ" ማለት ለምን አይበቃም?

"ባይመታው ኖሮ ይሞት ነበር?" የሚለው ጥያቄ አስፈላጊ ነው። መልሱ "ባይመታውም ይሞት ነበር" ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። መልሱ "ባይመታው አይሞትም ነበር" ሲሆን ግን ገና መጀመራችን ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ወሰን የለውም። መረቡን የሸጠለት ነጋዴ ባይሸጥለት አይጣሉም ነበር። ጀልባዋን ያበደረው ጎረቤት ባያበድራቸው በመንገድ ይወስዱት ነበር። ሚስቱ "ዛሬ ቅር" ያለችውን ቢሰማ ኖሮ ቤቱ ውስጥ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ሆኖም ከእነዚህ አንዱንም ገዳይ ብሎ የሚጠራ ጤነኛ ሰው የለም።

ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል። እኔ ለራሴ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ ያንኑ ሰውዬ፣ ሳይመታ፣ በኋላ የመጣው ነገር ውስጥ ብናስገባው ይሞት ነበር? ይሞት ከነበረ በኋላ የመጣው ነገር ብቻውን በቂ ነው። አይሞትም ከነበረ ግን ቁስሉ ገና ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ጥያቄው በሕጉ የተጻፈ አይደለም፤ ግን "ብቻውን" የሚለውን ወደ መሬት ለማውረድ ይረዳል።

ጀልባዋ ስትገለበጥስ?

አሁን ወደ ዘጌው ጉዳይ እንመለስ። "ጀልባ ተገልብጦ ሞተ" የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ታሪኮችን ሊደብቅ ይችላል።

በመጀመሪያው ታሪክ ጀልባዋ የተገለበጠችው ከዳርቻው ርቃ ነው። ጣና ለስፋቱ ጥልቅ የሚባል ሐይቅ አይደለም፤ ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። ያም ቢሆን ሰውን ለማስመጥ ከበቂ በላይ ነው። ከተሳፋሪዎቹ ጤነኛ የነበሩ ሁለት ሰዎችም አብረው ሰመጡ። እዚህ ላይ ማዕበሉ የተመታውንም ያልተመታውንም እኩል ወስዷል። ያንኑ ሰውዬ ጤነኛ አድርገን ብናስቀምጠው፣ ዋና እስካልቻለ ድረስ ዕጣው ያው ነበር። ሐይቁ ብቻውን በቂ ነው፤ ምቱን ከሞቱ ጋር ያያያዘው ሰንሰለት ተበጥሷል።

በሁለተኛው ታሪክ ጀልባዋ የተገለበጠችው ዳርቻው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ ውኃው ደረት በማይደርስበት ቦታ ነው። ሌሎቹ ቆመው በእግራቸው ወጡ። ሰውየው ግን ራሱን ስቶ ስለነበር በፊቱ ተደፍቶ ውኃ ሳበ፤ ግርግሩ ውስጥ ሲያነሡት አልፎ ነበር። የሞተው በመስጠም ነው፤ ሐኪሙም እንዲሁ ብሎ ይጽፋል። ግን ያንን ጥልቀት ሌሎቹ በእግራቸው ተራምደው ወጥተውበታል፤ ውኃው ለብቻው ሰው አይገድልም ነበር። ምቱም ብቻውን ገና አልገደለውም። አንደኛው ራሱን አሳተው፣ ሌላው ትንፋሹን ዘጋው፤ ሁለቱ ተደምረው ገደሉት። ይህ የአንቀጽ 24 ሦስተኛ ክፍል ነው፤ መቺው ከሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት አልተቋረጠም። "የገደለው ጣና ነው" የሚለው ሙግት እዚህ አይሠራም።

ሦስተኛው ለብዙ ሰው የማይዋጠው ነው። ምቱ እጅግ ከባድ ነበር፤ ከራስ ቅሉ ሥር ደም እየፈሰሰ ስለነበር ሆስፒታል ቢደርስም በሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ መሞቱ አይቀርም ነበር። ሆኖም ከመሞቱ በፊት ጀልባዋ መሐል ሐይቅ ላይ ተገልብጣ ከሌሎቹ ጋር ሰመጠ። ዘመድ "ለማንኛውም ገድሎት ነበርኮ" ይላል። በአንቀጹ አነጋገር ግን ወሳኙ የደረሰው ሞት ነው፤ ሊደርስ የነበረው አይደለም። በደረሰው ሞት ላይ ሐይቁ ቀድሟል፣ ብቻውንም በቂ ነበር። መቺው ለመግደል አስቦ ከነበረ የሚጠየቀው በግድያ ሙከራ ነው።

እነዚህን ታሪኮች የሚለያቸው ማስረጃው ነው። ከሰመጠ ሰው አፍና አፍንጫ ነጭ አረፋ ሲወጣ ብዙዎች "በሕይወት እያለ ነው የሰመጠው" ብለው ይደመድማሉ። አረፋው ጠቋሚ ነው፤ በብቻው ግን አይወስንም፤ ምክንያቱም ከባድ የጭንቅላት ጉዳትም ሳንባን በፈሳሽ ሞልቶ ተመሳሳይ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የአስከሬን ምርመራው ራስ ቅሉን ከፍቶ የደሙን መጠንና ቦታ፣ ሳንባውንና የአየር ቧንቧውን አብሮ ማየት አለበት። ከዚያ ወዲያ የሕክምና ሳይሆን የምስክር ጥያቄ ይመጣል፦ ጀልባዋ የት ተገለበጠች? ውኃው ቦታው ላይ እስከምን ይደርሳል? እነማን ዳኑ፣ እንዴት? መርማሪው ከምስክሮቹ ጋር ቦታው ድረስ ወርዶ ጥልቀቱን ካላስለካ፣ የመጀመሪያውን ታሪክ ከሁለተኛው መለየት አይቻልም።

ሐኪሙ ተሳስቶ ከሆነስ?

ጀልባዋ በደህና ደረሰች እንበል። ሆስፒታል ገብቶ በ5ኛው ቀን ሞተ። የተከሳሽ ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው የሕክምና ካርዱን ነው፤ ስህተት አያጣበትም። መርፌው ዘግይቷል፣ ምርመራው ሌላ ቀን ተቀጥሯል፣ ተረኛው አልነበረም።

በዚህ ነጥብ ላይ በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የታዩ ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩን ያጠሩታል። እኛን አይገዙንም፤ ለማነጻጸር ግን ይጠቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 በተወሰነው፣ ስሚዝ በሚባለው ጉዳይ፣ አንድ ወታደር በሳንጃ ተወጋ። የተሸከመው ጓዱ ሁለት ጊዜ ጣለው፤ የሕክምና ጣቢያው በሌሎች ቁስለኞች ተወጥሮ ስለነበር ሳንባው መወጋቱ አልታወቀም፤ የተደረገለት ሕክምናም የሚጎዳው ነበር። በደንብ ቢታከም የመዳን ዕድሉ ሰፊ እንደነበር ተመስክሯል። ሆኖም ሲሞት ቁስሉ ገና እየደማ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነቱን ውሳኔ አጸና።

ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በጆርዳን ጉዳይ የሆነው ሌላ ነው። የተወጋው ሰው ቁስሉ በአብዛኛው ድኖ ነበር። ሐኪሞቹ ግን አንድ መድኃኒት እንደማይስማማው ከታወቀ በኋላ እንደገና ሰጡት፤ በደም ሥሩም ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ ገባ፤ ሳንባው ታምሞ ሞተ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው።

ሁለቱን በእኛው አንቀጽ ብናያቸው ውጤቱ የሚለወጥ አይመስለኝም። የጆርዳኑ ሟች ሳይወጋ ለሌላ ነገር ሆስፒታል ገብቶ ያንኑ መድኃኒትና ፈሳሽ ቢወስድ ይሞት ነበር፤ ስለዚህ ሕክምናው ብቻውን በቂ ነው። የወታደሩን ሕክምና ግን ሳንባው ላልተወጋ ሰው ቢያደርጉለት አይሞትበትም። ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር ሲሞት ቁስሉ የት ደርሶ ነበር የሚለው ነው። የሕክምና ጉድለት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉን አለማስቆም ነው። ያላስቆመ ሰው በራሱ ቸልተኝነት ሊጠየቅ ይችላል፤ ያ ግን የመቺውን ኃላፊነት አያነሣለትም።

ቁስሉ አመርቅዞ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ይዞት ሲሞትም እንዲሁ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚታይ ሰው ከጸቡ ጋር አያያይዘውም። ግን የገባው በተከፈተለት ቁስል ነው። በጭድ ክምር ላይ እሳት የጣለ ሰው "ነፋሱ ነው ያቃጠለው" ቢል እንደማንሰማው ሁሉ፣ ይህም አይሰማም።

ሕክምና ትቶ ጠበል ቢሄድስ?

በአካባቢያችን በጣም የሚነሣ ጥያቄ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ቤተሰብ አስወጥቶ ጠበል ይወስደዋል፤ ወይም ራሱ "አትቅደዱኝ" ብሎ ቀዶ ሕክምናውን ይተዋል። ተከሳሹ "ራሱ ነው የሞተው፤ እኔ ምን አደረግሁ" ይላል።

ጠበል ብቻውን ሰው አይገድልም። ያልተመታ ሰው ጠበል ቢጠመቅ፣ ቀዶ ሕክምናም ባይደረግለት አይሞትም። የሚገድለው በሁለቱም መንገድ ቁስሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በተወሰነው፣ የተከሳሹ ስም ብላው በነበረበት የእንግሊዝ ጉዳይ የተወጋችው የ18 ዓመት ወጣት በእምነቷ ምክንያት ደም አልወስድም ብላ ሞተች፤ ብትወስድ ትድን ነበር። ወጊው በሞቷ ከመጠየቅ አልዳነም። በእኛም አንቀጽ አካሄዱ ከዚህ የራቀ አይሆንም፤ እርግጥ ቁስሉ ለሞት የማያሰጋ ጭረት ሆኖ በጉዞ ላይ ሌላ ነገር ከገደለው፣ ያ ሌላ ነገር እንደ ጀልባዋ ራሱን ችሎ ይመዘናል።

ቀድሞ የታመመ ሰው ከሆነስ?

ፎገራን፣ ደንቢያንና የሐይቁን ቆላማ ዳር የሚያውቅ ሰው ወባን አብሮ ያውቃል። በተደጋጋሚ በወባ የተያዘ ሰው ጣፊያው ያብጣል፤ ካላዛርም እንዲሁ ያደርጋል። ያበጠ ጣፊያ ከጎድን አጥንት ሥር ወጥቶ ስለሚንጠለጠልና ሽፋኑ ስለሚሳሳ፣ ጤነኛውን ሰው "ኧረ ተው" የሚያሰኝ ብቻ የሆነ ቡጢ ያፈርጠዋል። ደሙ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ ቁስል አይታይም። ሰው "በቡጢ እንዴት ይሞታል? መድኃኒት አብልተውት ነው" ማለት የሚጀምረው ያኔ ነው።

በሕጉ ዓይን በሽታው ከድርጊቱ በፊት የነበረ ምክንያት ነው። ብቻውን በዚያች ሰዓት ይገድለው ነበር? አይገድለውም፤ ከነጣፊያው ገበያ ሲወጣ ሲወርድ የከረመ ሰው ነው። ቡጢውም ጤነኛ ሰው ላይ ቢያርፍ አይገድልም። ሁለቱ ተደምረው ገደሉት፤ ግንኙነቱ አለ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያትና ሐሳብ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸውና። ሞቱ የእጁ ውጤት ነው ማለት ለመግደል አስቧል ማለት አይደለም። በአንቀጽ 58 መሠረት ማንም ሰው ካሰበውና ሊሆን ይችላል ብሎ ከተቀበለው በላይ በሆነ ውጤት፣ አስቦ እንዳደረገው ተቆጥሮ አይቀጣም፤ በቸልተኝነት የሚጠየቅበት ካለ ግን ይጠየቃል። የጎረቤቱን ጣፊያ ማበጥ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቅ ከሆነና እሱም እያወቀ ጎኑን ከመታው ነገሩ ይከብድበታል። እንግዳ ሰው ከሆነና ምንም ምልክት ካልነበረ ደግሞ ሞቱ በቸልተኝነትም ላያስጠይቀው ይችላል፤ የቡጢው ጥፋት ብቻ ይቀራል።

ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ነፃ ይወጣል?

አይወጣም። ይህን ሳይረዱ "ፍርድ ቤቱ ገዳዩን ለቀቀው" የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚጠፋው የሞቱ ኃላፊነት ብቻ ነው፤ መቅዘፊያው ጭንቅላቱ ላይ ማረፉ እንዳለ ይቆያል።

ልዩነቱ የሚታየው በቅጣቱ ላይ ነው። በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ግንኙነቱ ከተቋረጠና ለመግደል አስቦ ከነበረ የሚቀረው የግድያ ሙከራ ነው፤ የሚመዘነው በዚያው በግድያው አንቀጽ ሆኖ ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። ሐሳቡ ማቁሰል ብቻ ከነበረና ጉዳቱ ከባድ ከሆነ አንቀጽ 555 አለ፤ እሱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ሞቱ በቸልተኝነት ብቻ የመጣ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 543 መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ስለዚህ "ሞቱ የእኔ አይደለም" ብሎ የረታ ተከሳሽ፣ "ሞቱ የእኔ ነው፣ ግን በቸልተኝነት ነው" ካለው የበለጠ ሊታሰር የሚችልበት ጊዜ አለ።

ግንኙነቱን የሚያስረዳው ማን ነው?

ዐቃቤ ሕግ ነው። አንቀጽ 24 ግንኙነቱ እንዳለ የሚገምትበት ቦታ ቢኖርም፣ ተከሳሹ በመሐል የገባውን ሌላ ምክንያት አሳይቶ ግምቱን ማናጋት ይችላል፤ ያኔ ጉዳዩ የሚወድቀው በሕክምና ማስረጃው ላይ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በባላገሩ አስከሬን ሳይውል ሳያድር ይቀበራል። "ሥጋው አይቆረጥብን" የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ሐዘኑን ማንም ይረዳዋል። ግን ሳይመረመር ከተቀበረ ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው "ተመታ፣ ከዚያ ሞተ" የሚል የምስክር ቃል ብቻ ይሆናል። ጀልባው ካለ፣ ሐኪሙ ካለ፣ የቆየ በሽታ ካለ፣ ይህ ቃል የትኛው ብቻውን በቂ እንደነበር አይናገርም፤ የተፈጠረው ጥርጣሬም የሚጠቅመው ተከሳሹን ነው። ከተቀበረ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢወጣም ሳንባና አንጎል ፈጥነው ስለሚበሰብሱ የመስጠም ምልክት ቀድሞ ይጠፋል፤ የራስ ቅል ስብራት ግን ለዓመታት ይቆያል። ዘግይቶ የወጣ አስከሬን ብዙ ጊዜ ሊናገር የሚችለው መመታቱን ነው፤ በምን እንደሞተ አይደለም።